የዳንቴል ሹራብ ቻርት ረድፍ የጎደለው ሲመስል

የዳንቴል ሹራብ መመሪያ ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይናገራል። አንደኛው ጽሑፉ ነው፤ ስንት ቀለበት እንደሚጀመር፣ ጠርዙ እንዴት እንደሚሠራ፣ ንድፉ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ይዘረዝራል። ሁለተኛው ቻርቱ ነው፤ በትንንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ሆኖ እያንዳንዱ ሳጥን በመርፌው ላይ ላለው አንድ የክር ቀለበት፣ እያንዳንዱ የሳጥን መስመር ደግሞ ለአንድ ረድፍ ይቆማል። ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ሥራ ስለሆነ መስማማት አለባቸው። ጽሑፉ አንድ የረድፍ ቁጥር ሲሰጥ ቻርቱ ሌላ ሲያሳይ ግን ሠሪዋ የትኛውን እንደምትከተል ማወቅ አትችልም። በዚህ ጊዜ ለዲዛይነሩ አጭርና ጨዋ መልእክት መጻፍ ይገባል። መልእክቱ የሚጠቅመው ግን ከመጻፉ በፊት ልዩነቱ በትክክል ሲመረመር ነው።

የረድፍ ስህተት ከሌሎች ስህተቶች በጣም ዘግይቶ የሚታወቅ ነው። በዳንቴል ሹራብ ቀዳዳ የሚፈጠረው ክሩን በመርፌው ላይ አንድ ጊዜ በማዞር ነው፤ ይህ አንድ ቀለበት ይጨምራል። የሥራው ስፋት እንዳይለወጥ ደግሞ በዚያው ረድፍ ሁለት ቀለበቶች አንድ ላይ ይሠሩና አንድ ይቀነሳል። ከቻርቱ አንድ የመቀነሻ ምልክት ቢጎድል በረድፉ መጨረሻ አንድ ቀለበት ይተርፋል፤ ሠሪዋም ወዲያው ታውቃለች። ሙሉ ረድፍ ሲጎድል ግን ከነመጨመሪያውና ከነመቀነሻው ስለሚጎድል የቀለበቱ ቁጥር አይዛነፍም። መርፌው ላይ ያለው ልክ ነው፣ የሚቀጥለው ረድፍም ያለ ችግር ይሠራል። ጉድለቱ የሚታየው ቅርጹ ሳይዘጋ ሲቀር ወይም ሥራው አልቆ ርዝመቱ ሲለካ ነው።

ስህተት የሚመስል ሁሉ ስህተት አይደለም። በጠፍጣፋ ሥራ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ እየተመለሰ በሚሠራ ስካርፍ፣ ቻርት ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የፊት ረድፎች ከቀኝ ወደ ግራ፣ የጀርባ ረድፎች ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። በብዙ የዳንቴል ንድፎች ቀዳዳ የሚሠራው በፊት ረድፎች ብቻ ነው። የጀርባ ረድፎቹ ያለ ቀዳዳ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚሠሩ ብዙ ዲዛይነሮች በቻርቱ ላይ አያስገቧቸውም። እንዲህ ያለው ቻርት በጎኑ 1፣ 3፣ 5 እያለ በጎዶሎ ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ቻርቱ 23 ላይ ቢያልቅና ጽሑፉ «24ቱን ረድፎች ይድገሙ» ቢል የጎደለ ነገር የለም፤ 24ኛው ረድፍ በቻርቱ ላይ ያልተሣለው የመጨረሻው የጀርባ ረድፍ ነው። የምልክቶቹ መግለጫ ሥር «የጀርባ ረድፎች አልተካተቱም» የሚል አንድ መስመር ይኖራል፤ እሱ ሳይነበብ ሲታለፍ ጥርጣሬው ይነሣል።

ሌሎች የሐሰት ምልክቶችም አሉ። ረጅም ቻርት በሁለት ገጽ ተከፍሎ ይቀርባል፤ የላይኛው ክፍል በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሳለ የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻው ሊመስል ይችላል። በቤት ማተሚያ የታተመ ወረቀት ደግሞ ከላይ ሊቆረጥ ስለሚችል የወረቀቱን ቅጂ በስክሪን ላይ ከሚታየው ፋይል ጋር ማነጻጸር ይገባል። የመክፈቻ ረድፎችም አሉ፤ ከቻርቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩና በድግግሞሹ የማይቆጠሩ ናቸው። «14 ጊዜ ይሥሩ» እና «14 ጊዜ ይድገሙ» የሚሉት ሁለት ሐረጎችም አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሌላ 14 ዙር ማለት ሊሆን ስለሚችል በጠቅላላው 15 ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ልዩነቱን ከፈታው የሚጻፍ መልእክት አይኖርም።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ልዩነቱ ካልተፈታ ቀጣዩ እርምጃ በመመሪያው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እርስ በርስ ማመሳከር ነው። ይህን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ንድፉ በአልማዝ ቅርጽ ቀዳዳዎች የተሸፈነ ስካርፍ ነው። የሚጀመረው በ55 ቀለበት ነው፦ 12 ቀለበት ያለው ንድፍ 4 ጊዜ፣ አንድ የማመጣጠኛ ቀለበት፣ በሁለቱም ጎን ደግሞ ሦስት ሦስት የጠርዝ ቀለበት። ጽሑፉ «የቻርቱን 24 ረድፎች በጠቅላላው 14 ጊዜ ይሥሩ፤ 336 ረድፍ» ይላል። ቻርቱ የፊት ረድፎችን ብቻ የያዘ ሲሆን ከ1 ጀምሮ 19 ላይ ያበቃል። ያልተሣለው 20ኛው የጀርባ ረድፍ ሲጨመር ቻርቱ የሚሰጠው 20 ረድፍ ነው። ከጽሑፉ ጋር የአራት ረድፍ ልዩነት አለ። ይህ በጀርባ ረድፍ አለመሣል የሚብራራ አይደለም።

አሁን ጥያቄው የትኛው ወገን ተሳሳተ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ማስረጃ መመሪያው ራሱ የሚሰጠው ልክ ነው። በምሳሌው መመሪያ ሥራው ታጥቦና ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ 24 ረድፍ እንደሚኖር፣ የስካርፉ አካልም ያለ ጫፎቹ 140 ሴንቲሜትር እንደሚሆን ተጽፏል። 336 ረድፍ በዚህ ልክ ሲሰላ በትክክል 140 ሴንቲሜትር ይሆናል። በቻርቱ መሠረት ግን 20 ረድፍ 14 ጊዜ 280 ረድፍ ነው፤ ይህም ወደ 117 ሴንቲሜትር ይጠጋል። 23 ሴንቲሜትር ያጠረ ስካርፍ አንገት ላይ ሲጠመጠም ልዩነቱ በግልጽ የሚታይ ነው። ርዝመቱ ከጽሑፉ ጋር ስለተስማማ ጥርጣሬው ወደ ቻርቱ ያዘነብላል።

ይሁንና ርዝመቱ ብቻውን አይበቃም። ዲዛይነሩ ርዝመቱን ያሰላው ከዚያው የተሳሳተ የረድፍ ቁጥር ተነሥቶ ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ተስማምተውም ሁለቱም ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ማስረጃ ከቁጥር ውጭ የሆነው፣ የቅርጹ አካሄድ ነው። በምሳሌው ቻርት ላይ የቀዳዳዎቹ ሁለት መስመሮች ከአልማዙ ታችኛ ጫፍ ተነሥተው ከ1ኛው እስከ 11ኛው ረድፍ፣ ማለትም በስድስት የፊት ረድፎች፣ አንድ አንድ ቀለበት ወደ ውጭ ይሰፋሉ። ከ13ኛው ጀምሮ መልሰው ይጠባሉ። የሰፋው በስድስት ረድፍ ከሆነ ለመዘጋትም ስድስት ያስፈልገዋል፤ በቻርቱ ላይ ያሉት ግን 13፣ 15፣ 17 እና 19፣ አራት ብቻ ናቸው። 21ኛውና 23ኛው የሉም። እንዲህ ሆኖ ወደ 1ኛው ረድፍ ሲመለሱ ሁለቱ መስመሮች ሳይገናኙ በየወገናቸው ሁለት ሁለት ቀለበት ርቀው ይቀራሉ፤ አልማዙም አናቱ ተቆርጦ ሌላ አልማዝ ይጀምርበታል።

ሦስተኛው ማስረጃ ከመመሪያው ጋር የሚመጣው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ዲዛይነሩ ወይም ሞካሪዎቹ በእጃቸው የሠሩትን ስለሆነ በሰነዱ ላይ የገባ የአጻጻፍ ስህተት አይነካውም። ምስሉን አጉልቶ በአንድ አልማዝ አንድ ጎን ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው መቁጠር ይቻላል። 12 ከሆኑ ስካርፉ የተሠራው በ24 ረድፍ ነው፤ 10 ከሆኑ ደግሞ ቻርቱ ትክክል፣ ጽሑፉ ስህተት ነው። በምሳሌው ፎቶግራፍ ላይ የሚቆጠሩት 12 ናቸው፣ አልማዞቹም ሹል ሆነው ተዘግተዋል። ርዝመቱ፣ የቅርጹ አካሄድና ፎቶግራፉ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከቱ፤ ከቻርቱ አናት አራት ረድፎች የጎደሉ ይመስላል።

እንዲህ ያለው ጉድለት የሚገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ቻርቱ በአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሣልና እንደ ምስል ተወስዶ ጽሑፉ ወዳለበት ሰነድ ይገባል። ምስሉ ወደ ገጹ ሲገባ ከላይ ሊቆረጥ ይችላል። ዲዛይነሩ ንድፉን አሻሽሎ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢያድስም አሮጌና አዲስ ቁጥር ጎን ለጎን ይቀራሉ። መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሮቹን የሚያመሳክር ቴክኒክ አርታኢ እና ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠሩ ሞካሪዎች ቢኖሩም ምስሉ የተቆረጠው ከእነርሱ በኋላ፣ ገጹ ሲዘጋጅ ከሆነ አያገኙትም። ይህን ማወቅ የመልእክቱን ድምፅ ያስተካክላል፤ የአራት ረድፍ መጥፋት ከግዴለሽነት ይልቅ በሥራው ሂደት የሚያጋጥም ነገር ነው።

ከመጻፍ በፊት አንድ ፍተሻ ይቀራል። የሹራብ መመሪያዎች በፋይል መልክ በሚሸጡበት በዚህ ጊዜ እርማት ሲደረግ ፋይሉ ይታደስና የቀድሞ ገዢዎች አዲሱን ቅጂ መልሰው ማውረድ ይችላሉ። በመጽሐፍና በመጽሔት ለታተሙ መመሪያዎችም አሳታሚዎች የእርማት ዝርዝር ያወጣሉ። ሠሪዋ በእጇ ያለው ቅጂ መቼ የወጣ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የታረመ ቅጂ መኖሩንና ጉዳዩ በእርማት ዝርዝሩ ላይ መመዝገቡን ማየት አለባት። ቀድሞ የታረመ ከሆነ ዲዛይነሩን መጠየቅ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ መልእክቱ አጭር ይሆናል። በምሳሌው ስካርፍ ላይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ርዕስ፦ ስለ አልማዝ ስካርፍ ቻርት የረድፍ ብዛት

ጤና ይስጥልኝ።

የአልማዝ ስካርፍ መመሪያዎን እየሠራሁ ነው፤ የጠርዙ አሠራር የተብራራበት መንገድ በጣም ረድቶኛል። በቻርቱ የረድፍ ብዛት ላይ ግን ግልጽ ያልሆነልኝ ነገር ስላለ ልጠይቅዎ ፈለግሁ።

በገጽ 2 ላይ ያለው ጽሑፍ የቻርቱን 24 ረድፎች 14 ጊዜ እንድንሠራ ይላል። በገጽ 3 ላይ ያለው ቻርት ግን ረድፍ 19 ላይ ያበቃል። የጀርባ ረድፎች በቻርቱ ላይ እንዳልተካተቱ አይቻለሁ፤ 20ኛውን ብጨምርም አራት ረድፍ ይጎድለኛል። አልማዙ በስድስት የፊት ረድፎች ሰፍቶ በአራት ብቻ ስለሚጠብ አይዘጋም፤ በፎቶግራፉ ላይ ግን ተዘግቶ ይታያል። ከላይ ረድፍ 21 እና 23 የቀሩ ይመስለኛል፤ ያላስተዋልኩት ነገር ካለ ግን እንዲያሳዩኝ እለምናለሁ።

እኔ ያለኝ የመጀመሪያው ቅጂ ነው፤ የታረመ ቅጂ ወይም የእርማት ዝርዝር ፈልጌ አላገኘሁም። የቻርቱን ገጽ በስክሪኔ ላይ እንደሚታየው ፎቶ አንሥቼ አያይዣለሁ።

ሲመችዎ ትክክለኛው የረድፍ ብዛት ስንት እንደሆነ ቢነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

የዚህ መልእክት ጥቅም ዲዛይነሩ ፋይሉን ከፍቶ ቦታውን ሳይፈልግ ማግኘቱ ነው። ብዙ መመሪያ ያወጣ ሰው «ቻርትዎ ስህተት አለበት» የሚል አንድ መስመር ሲደርሰው የትኛው መመሪያ፣ የትኛው ቅጂ፣ የትኛው ገጽ እንደሆነ መልሶ መጠየቅ ይኖርበታል። የመመሪያው ስም በርዕሱ ላይ፣ የገጽና የረድፍ ቁጥሮቹም በመልእክቱ ውስጥ ሲሰፍሩ ይህ መመላለስ ይቀራል። የተያያዘው ፎቶም ሥራ አለው፤ የዲዛይነሩ ፋይል ሙሉ ሆኖ በሠሪዋ ስክሪን ላይ ብቻ ተቆርጦ የሚታይ ከሆነ ልዩነቱን የሚገልጠው እሱ ነው።

ጨዋነቱ ያለው በአቀራረቡ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። መልእክቱ መጀመሪያ ያስቀመጠው የታየውን ነው፤ ጽሑፉ 24 ይላል፣ ቻርቱ 19 ላይ ያበቃል። ይህ ማንም ከፍቶ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። ቀጥሎ የተደረገውን ማጣራት ጠቀሰ፤ የጀርባ ረድፎቹ ተቆጥረዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ባይኖር ዲዛይነሩ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሠሪዋ የጀርባ ረድፎችን መርሳቷን ስለሆነ መልሱም የቻርት አነባበብ ማብራሪያ ይሆን ነበር። ግምቱ የመጣው በመጨረሻ፣ «ይመስለኛል» ተብሎ ነው፤ ቻርቱን የሣለው ሰው ሠሪዋ የማታውቀው ምክንያት ሊኖረው ይችላልና። ይህ ማለት ግን በይቅርታ ብዛት ነገሩን ማድበስበስ አይደለም። ማስረጃው ጠንካራ ሲሆን በግልጽ ማስቀመጥ ለዲዛይነሩ ጊዜ የሚያስብ አክብሮት ነው።

ከመልእክቱ መቅረት ያለባቸው ነገሮችም አሉ። የተበላሸውን ክርና የጠፋውን ጊዜ መዘርዘር እርማቱን አያፋጥንም፤ ዲዛይነሩንም ወደ መከላከል ይገፋዋል። ሠሪዋ የጎደሉትን ረድፎች ራሷ አስተካክላ ሥላ ብትልክ፣ በተለይም ለሌሎች ብታሰራጭ፣ ሌላ ችግር ይፈጠራል። ቻርቱ የዲዛይነሩ ሥራና ንብረት ነው፤ የእርሱ እርማት ደግሞ ከገመተችው ትንሽ ሊለይ ስለሚችል ሁለት የተለያዩ ቻርቶች በሰው እጅ ይገባሉ። ስህተቱን ቀድሞ በአደባባይ ከማውጣት ይልቅ ለራሱ መጻፍ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ለገዢዎች ሁሉ የሚደርሰውን ፋይል ማረም የሚችለው እሱ ነው።

መልሱ እስኪመጣ ሥራው መቆም የለበትም። አንድ አልማዝ ብቻ የተሠራ ከሆነ ጠርዙንና እስከ 19ኛው ረድፍ ያለውን መያዝ ይቻላል፤ ይህ ክፍል በሁለቱም ወገን ሳይለወጥ ይቆያልና። ከ20ኛው ረድፍ በኋላ ለመቀጠል የምትፈልግ ሠሪ አንድ ቀጭን ለስላሳ ክር በሌላ መርፌ እየሳበች በመርፌው ላይ ባሉት 55 ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ ታሳልፋለች። ግምቷ ልክ ባይሆን እስከዚህ ክር ድረስ ብቻ ትፈታለች፤ ቀለበቶቹ በክሩ ላይ ተይዘው ስለሚቀሩ ከዚያ በታች ያለው አይፈታም። በዳንቴል ሥራ ይህ ጥንቃቄ ከሌሎች ሹራቦች የበለጠ ያስፈልጋል፤ ክር በማዞር የተፈጠረ ቀለበት ሲፈታ ከሥሩ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ቦታውን መልሶ ማግኘት ያስቸግራል።

መልሱ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል። ዲዛይነሩ ጉድለቱን ካረጋገጠ የታረመ ቻርት ይልካል፣ የመመሪያውን ፋይል ያድሳል፣ የቅጂውን ቀን ይለውጣል፣ በእርማት ዝርዝሩም ላይ የገጹንና የረድፉን ቁጥር ይመዘግባል። ሠሪዋ አዲሱን ቻርት ወዲያው ማመን ሳይሆን በዚያው መንገድ መቁጠር አለባት፤ ረድፎቹ 24 መሆናቸውን፣ በ21 እና በ23 ላይ የመጨመሪያና የመቀነሻ ምልክቶቹ እኩል መሆናቸውን ታያለች። በችኮላ የሚገባ እርማት ሌላ ስህተት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነቱ ከአነባበብ የመጣ መሆኑ ነው። ለምሳሌ የአልማዙ ማብቂያ በሌላ ገጽ ላይ በተለየ ቻርት ተቀምጦ ከሆነ ዲዛይነሩ ያንን ያመለክታል። በዚህ ጊዜም ጥያቄው ከንቱ አልሆነም፤ አንድ ጠንቃቃ ሠሪ ያላየችውን ሌሎችም አያዩትም፤ ዲዛይነሩ በቻርቱ ሥር «በሚቀጥለው ገጽ ይቀጥላል» የሚል ቃል ሊጨምርበት ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ጽሑፉ ተሳስቶ ቻርቱ ትክክል መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የሚለወጠው የረድፉ ቁጥር ብቻ አይደለም። 280 ረድፍ የ336 ረድፍን አምስት ስድስተኛ ያህል ክር ብቻ ስለሚፈጅ በመመሪያው ላይ የተጻፈው የክር መጠንና የስካርፉ ርዝመት አብረው መታረም ይኖርባቸዋል። ሠሪዋ በሁለተኛ መልእክቷ ከምስጋናው ጋር ስለ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መጠየቅ ትችላለች።

መልስ ሳይመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ ነውር አይደለም፤ ብዙ ዲዛይነሮች ለብቻቸው ስለሚሠሩ መልእክት ሊያመልጣቸው ይችላል። መመሪያው በመጽሐፍ ወይም በመጽሔት የወጣ ከሆነ ያው መልእክት ለአሳታሚው ይላካል፤ የእርማት ዝርዝሩን የሚይዘው እሱ ነውና። ከሁለቱም ወገን መልስ ካልተገኘ ደግሞ ሦስቱ ማስረጃዎች የተስማሙበትን 24 ረድፍ ይዛ፣ ቅርጹን ከ11ኛው ረድፍ በታች ካለው ጋር እያመሳሰለች የጎደሉትን ረድፎች ለራሷ ሥራ ማሟላት ትችላለች።